መቶ ሺህ ብሩ ወደ ባንክ ይሂድ ወይስ ወደ ሱቅ?

የአክስቴ ልጅ አራት ኪሎ፣ ከሳይንስ ፋኩልቲው አጥር ብዙም ሳይርቅ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። አንድ የቆየ ግን ጠንካራ የኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ የላሚኔሽን ማሽንና አንድ ረዳት ልጅ። ሱቁን ስትከፍት ከባንክ 300,000 ብር ተበድራለች፤ መያዣው የአባቷ ቤት ካርታ ነው። ብድሩ ልክ አንድ ዓመት ሲሞላው እቁብ ደረሳትና 100,000 ብር እጇ ገባ። ያን ቀን ማታ ደወለችልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ብሩን ባንክ አስገብቼ ዕዳዬን ላቅልል ወይስ ሁለተኛ ማሽን ልግዛበት?»

ቤት ውስጥ ሁለት ወገን ተፈጥሯል። እናቷ «ዕዳ አንገት ላይ እያለ ምን ማሽን አስገዛሽ፤ ክፈዪና እንቅልፍ ይውሰድሽ» ይላሉ። ወንድሟ ደግሞ «ብር በየቀኑ እየረከሰ ዕዳን ቀድሞ መክፈል ምን ይሉታል? አሠሪው እንጂ!» ይላል። እኔ ብድር ክፍል ውስጥ ዓመታት ስለሠራሁ የሁለቱንም ንግግር ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። ሁለቱም ትክክል የሚሆኑበት ጊዜ አለ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን ወረቀት ላይ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ የአክስቴ ልጅም በማግስቱ የብድር ውሏን ይዛ መጣች። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የእሷ ናቸው። አሠራሩን ከተከተላችሁ በእነሱ ቦታ የራሳችሁን መተካት ትችላላችሁ።

ዕዳው በእርግጥ ስንት ነው?

ብድሯ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ይታሰብበታል፤ የሚከፈለው በ36 ወር ነው። ወርሃዊ ክፍያዋ 10,846 ብር ነው። ይህ ቁጥር ከወር ወር አይለወጥም፤ ውስጡ ግን ይለወጣል። በዓመት 18 በመቶ ማለት በወር 1.5 በመቶ ስለሆነ በመጀመሪያው ወር 300,000 ብሩ 4,500 ብር ወለድ አመጣባት። ከከፈለችው 10,846 ላይ 4,500 ለወለድ ሲሄድ ከዋናው ዕዳ የተቀነሰው 6,346 ብር ብቻ ሆነ። በሁለተኛው ወር ዋናው ትንሽ ስላነሰ ወለዱም ትንሽ አነሰ፣ ከዋናው የሚቀነሰውም ትንሽ ጨመረ። በዚህ አካሄድ በ12 ወር ውስጥ 130,000 ብር ገደማ ከፍላ ዋናው ዕዳ የቀነሰው በ82,756 ብር ነው። የቀረባት 217,244 ብር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይናደድና አንድ የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል። «ባንኩ ወለዱን መጀመሪያ ላይ ወስዶ ጨርሷል፤ ከእንግዲህ ቀድሞ መክፈል ምን ይጠቅመኛል?» ይላል። እንዲህ አይደለም። ባንኩ ያለፈውን ወር ወለድ ወሰደ እንጂ የሚመጣውን አልወሰደም። ዛሬ ከቀረው ዕዳ ውስጥ እያንዳንዱ መቶ ብር፣ እስካልተከፈለ ድረስ፣ በየወሩ 1 ብር ከ50 ሳንቲም ያስከፍላል። ይህ በመጀመሪያው ወርም በሠላሳኛው ወርም አንድ ነው። መጀመሪያ ላይ ወለዱ የበዛው ዕዳው ትልቅ ስለነበር ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚሰላ ከሆነ ነው። አንዳንድ አበዳሪዎች ፍላት በሚባለው ስሌት ያበድራሉ። በፍላት ወለዱ የሚታሰበው ከመጀመሪያው ብድር ላይ ነው፤ ብትከፍሉም ባትከፍሉም አይቀንስም። 300,000 ብር በ10 በመቶ ፍላት ለሦስት ዓመት ቢወሰድ ወለዱ በዓመት 30,000፣ በሦስት ዓመት 90,000 ይሆናል። ጠቅላላው 390,000 ለ36 ሲካፈል በወር 10,833 ብር ይመጣል። ከአክስቴ ልጅ ወርሃዊ ክፍያ ጋር አስተያዩት፤ የሚለያዩት በ13 ብር ነው! «10 በመቶ ብቻ» የተባለው ብድር በተግባር 18 በመቶ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው ማለት ነው። ማስታወቂያ ላይ ያለውን መቶኛ ብቻ አይቶ የሚበደር ሰው ሳየው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ታዲያ የራሳችሁ ብድር የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? ውሉ ላይ በግልጽ ያልተጻፈ ከሆነ ወደ አበዳሪው ሄዳችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ዛሬ ብድሩን ሙሉ በሙሉ ልዝጋው ብል ስንት ብር ላምጣ?» መልሱ ሁሉንም ይናገራል። በእኛ ምሳሌ፣ ከ12 ወር በኋላ መልሱ 217,000 ገደማ ከሆነ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚሰላ ነው፤ ቀድማችሁ የምትከፍሉት እያንዳንዱ ብር በዓመት 18 በመቶ ያድንላችኋል። መልሱ 260,000 ከሆነ፣ ማለትም 24ቱን ቀሪ ክፍያ ሰብስበው ከነወለዱ ከጠየቁ፣ ቀድሞ መክፈል ምንም አያድንም። እንዲያ ከሆነ ብራችሁን ያዙ፤ ሱቁ ዝቅተኛ ትርፍ ቢያመጣ እንኳ ከዚያ ይሻላል። ሦስተኛም መልስ አለ። በፍላት ያበደረው ተቋም ያልደረሰውን ወለድ ትቶ ከዋናው የቀረውን 200,000 ብቻ ከጠየቀ፣ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ከሁሉም የበለጠ ያዋጣል። ምክንያቱም በእውነተኛው ሒሳብ ዕዳው ወደ 217,000 ስለሆነ 17,000 ብር ገደማ ተመረቀላችሁ ማለት ነው። ያን ጊዜ ከዘመድም ተሟልቶ ቢዘጋ አይቆጭም።

የአክስቴ ልጅ ጠየቀች። «217,000 ከምናምን» አሏት። ቀድሞ ለመክፈል የሚያስቀጣ ነገር ውሉ ላይ የለም። ቅጣት ቢኖር ኖሮ ከምታድነው ወለድ ላይ እንቀንሰው ነበር።

ባንኩ ለመቶ ሺው ምን ይሰጣል?

ዕዳ ቀድሞ መክፈል ትርፍ ያለው ነገር አይመስልም፤ ብሩ ይሄዳል፣ በእጅ የሚያዝ ነገር አይመጣም። ግን ያልተከፈለ ወለድ የተገኘ ብር ነው። መቶ ሺውን ብታስገባ ዕዳዋ ወደ 117,244 ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ አለ፤ ምርጫውንም ለባንኩ በግልጽ መናገር አለባት።

አንደኛው፣ ወርሃዊ ክፍያው 10,846 እንደሆነ ይቆይና ዘመኑ ይጠር ማለት ነው። ብድሩ በ24 ወር ፋንታ በ12 ወር ያልቃል፤ የሚድነው ወለድ ወደ 31,400 ብር ነው። ሁለተኛው፣ ዘመኑ 24 ወር ሆኖ ይቆይና ወርሃዊ ክፍያው ይቀነስ ማለት ነው። ክፍያው ወደ 5,853 ይወርዳል፤ በየወሩ 4,992 ብር እጇ ላይ ይቀራል፤ የሚድነው ወለድ 19,800 ገደማ ይሆናል።

31,400 ከ19,800 ስለሚበልጥ አንደኛው የግድ የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን በሁለቱም መንገድ መቶ ሺው የሚያገኘው ያው 18 በመቶ ነው። በሁለተኛው መንገድ ባንኩ በየወሩ 4,992 ብር ስለሚመልስላት፣ የተመለሰው ብር ከዚያ በኋላ ወለድ አያድንም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ገቢው የሚዋዥቅ ነጋዴ ክፍያውን ቢቀንስ ይተነፍሳል። በየወሩ የተረፈው ብር የት እንደሚገባ የማያውቅ ሰው ግን ዘመኑን ቢያሳጥር ይሻለዋል።

አሁን ደጋግሜ ያየሁትን አንድ ጥፋት ልናገር። ሰው መቶ ሺውን ይዞ ይሄድና ብድሩ የሚቆረጥበት ቁጠባ ሒሳብ ውስጥ አስገብቶ «ከፈልኩ» ብሎ ይመለሳል። ባንኩ ግን ብሩን ሒሳቡ ላይ አስቀምጦ በየወሩ የተለመደውን 10,846 ይቆርጣል። ዋናው ዕዳ አልተነካም፤ ወለዱ እንደ ቀድሞው ይታሰባል። የቁጠባ ወለድ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል፣ እሱም ከ18 በጣም ይርቃል። ሰውየው ይህን የሚያውቀው ከወራት በኋላ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ «የገባው ብር ከዋናው ዕዳ ላይ እንዲቀነስ፣ ዘመኑም እንዲያጥር» ወይም «ወርሃዊ ክፍያው እንዲቀነስ» ብሎ በደብዳቤ መጠየቅ፣ ግልባጩን ማስፈረም፣ ከዚያም አዲስ የክፍያ ሰሌዳ መቀበል። አዲሱ ሰሌዳ ላይ የመጀመሪያው መስመር የሚያሳየው ቀሪ ዕዳ በመቶ ሺህ ካልቀነሰ ብሩ ገና አልተከፈለም።

ማሽኑ መዝለል ያለበት ከፍታ

ሁለተኛው መንገድ ላይ ያለችው 4,992 ብር በጣም ትጠቅመናለች። ባንኩ «መቶ ሺህ ስጡኝ፣ ለ24 ወር በየወሩ 4,992 እመልሳለሁ» እያለ ነው። ያለ ድካም፣ ያለ ስጋት። እንግዲህ ማሽኑም ከዚህ የበለጠ ካላመጣ ምን ያደርጋል? ኮምፒውተር ላይ ኤክሴል ያለው ሰው ይህን ቁጥር ለራሱ ብድር በአንድ መስመር ያገኘዋል፦

```
=PMT(0.18/12,24,-100000)
```

0.18 የወለዱ መጠን፣ 24 የቀሩት ወራት፣ 100000 በእጅ ያለው ብር ነው። ይህ ቀመር ግን ማሽኑ ከሁለት ዓመት በኋላ ዋጋ ቢስ ይሆናል ብሎ ያስባል። በ50,000 ብር ሊሸጥ የሚችል ከሆነ መጨረሻ ላይ እሱን እንጨምራለን፦

```
=PMT(0.18/12,24,-100000,50000)
```

አሁን መልሱ 3,246 ይሆናል። ማሽኑ በወር ከዚህ በላይ የተጣራ ከአመጣ ከባንኩ ይበልጣል።

የወንድሟ ክርክር ቦታ የሚያገኘው እዚህ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ጨምሯል፤ ያገለገለ ማሽንም አብሮ ይጨምራል። ማሽኑ ከሁለት ዓመት በኋላም 100,000 የሚሸጥ ቢሆን በወር 1,500 ብር ብቻ ቢያመጣ ከባንኩ እኩል ይሆናል። ስለዚህ ልጁ የሚለው ባዶ ወሬ አይደለም። ግን የኮፒ ማሽን የሚያረጀው በሠራው ገጽ ብዛት ነው፤ ገዢም መጀመሪያ የሚያየው ቆጣሪውን ነው። ከዚህም ሌላ የዋጋ ንረት ዕዳ ያለበትን ሰው የሚጠቅመው ገቢውም አብሮ ሲጨምር ነው። ኮፒ ቤት ላይ ቀድሞ የሚጨምረው ወረቀቱ ነው፤ የአንድ ገጽ ዋጋ ግን ጎረቤት ያለው ሱቅ እስኪጨምር ድረስ ባለበት ይቆማል። እኔ 50,000ውን ይዤ መቁጠር መረጥኩ።

የተመለሱትን ሰዎች መቁጠር

የአክስቴ ልጅ ስለ ማሽኑ ስታስብ እንዲህ ነበር የምታሰላው፦ «አሁን ያለው ማሽን በቀን 1,000 ገጽ ይሠራል። ሁለተኛው ሲጨመር 2,000 ይሆናል።» ብዙ ባለሱቅ እንዲህ ያስባል። ማሽን ግን ደንበኛ አይወልድም። ሁለተኛው ማሽን የሚያመጣው ገቢ ዛሬ ሰልፍ አይተው ወደ ሌላ ሱቅ የሚሄዱት ሰዎች ብቻ ናቸው። እነሱን ደግሞ ማንም ቆጥሯቸው አያውቅም።

ስለዚህ ለሁለት ሳምንት እንድትቆጥር አደረግኩ። ረዳቷ ልጅ ደብተር ይዞ፣ ሰው መጥቶ ሲመለስ በዓይን ገምቶ «20 ገጽ»፣ «5 ገጽ»፣ «ሙሉ መጽሐፍ» እያለ ጻፈ። አማካዩ በቀን 150 ገጽ ሆነ።

አንድ ገጽ 5 ብር ታስከፍላለች። ወረቀቱ 1 ብር ከ60፣ ቶነሩና ተራ ጥገናው 90 ሳንቲም ይወስዳል፤ የሚተርፈው 2 ብር ከ50 ነው። 150 ገጽ በወር 26 ቀን ሲባዛ 9,750 ብር ይመጣል። ከዚያ ላይ መብራትና ትንንሽ ወጪ 750፣ ረዳቱ አምሽቶ ለሚሠራበት ጭማሪ 2,500 ይቀነሳል። 6,500 ይቀራል። ይህ የረዳቱ ጭማሪ ላይ ተከራክረን ነበር፤ «እኔው አመሻለሁ» ብላ ልታስቀረው ፈለገች። የራሷ ማታ ዋጋ የለውም ወይ? በራሷ ድካም የመጣን ብር የማሽኑ ትርፍ ብላ ከቆጠረች፣ ማሽኑን ሳይሆን ራሷን ነው ከባንኩ ጋር የምታወዳድረው።

ቀጥሎ ክረምቱ አለ። ተማሪው ሐምሌና ነሐሴ ይበተናል፤ ሰልፍ የለም፤ ሁለተኛው ማሽን ዝም ብሎ ይቆማል። ስለዚህ 6,500 የሚገኘው በዓመት አሥር ወር ብቻ ነው፤ በ12 ሲካፈል 5,417 ይሆናል። ያገለገለ ማሽን ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ድራሙን ወይም ማሞቂያውን ማስቀየሩ አይቀርም፤ ለእሱ 12,000 ብር ያዝንለት፣ በወር 500። የተጣራው 4,917 ሆነ። ግብር የሚወስደው ገና አልተነሳለትም።

ከፍታው 3,246 ነበር፤ ማሽኑ ዘለለው። ግን ምን ያህል እንደተማመንን እንይ። ማሽኑ መጨረሻ ላይ የማይሸጥ ከሆነ ከፍታው 4,992 ነውና ማሽኑ በትንሹ ይሸነፋል። በቀን የሚመለሰው 150 ሳይሆን 100 ገጽ ከሆነ ደግሞ የተጣራው በወር ወደ 2,200 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ በ50,000 ቢሸጥ እንኳ ባንኩ ያሸንፋል። እኛ የቆጠርንባቸው ሁለት ሳምንታት ደግሞ ፈተና የተቃረበባቸው ነበሩ። ተማሪው የሚጋፋበት ጊዜ ተቆጥሮ የዓመቱ ልክ ተደርጎ ከተያዘ ውሳኔው ከመነሻው ተዛብቷል። ይህን ስነግራት ዝም አለች፤ ማሽኑን ከልቧ ፈልጋው ነበር።

ከማሽኑ በፊት ሌላ ሐሳብም ነበራት፤ የሱቁን ፊት በመስታወት ማሠራት። ይህን ወዲያው ነው ያስተውኳት። ሱቁ የኪራይ ነው፤ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ስንት ሱቅ እንደተነሳ ሰፈሩ ያውቀዋል። ማሽን በፒክአፕ ተጭኖ ሌላ ቦታ ይሄዳል። መስታወትና ሴራሚክ አይሄድም።

ያላሰበችው የወረቀት ነገር

ደብተሯን ስንገለብጥ ሌላ ነገር አየሁ። በየቀኑ ሁለት ደስጣ ወረቀት፣ እያንዳንዱ 500 ቅጠል፣ እዚያው አጠገቧ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በ800 ብር ትገዛለች። ለምን በካርቶን ከመርካቶ አትገዛም? «ብር አንድ ላይ አይገኝም፤ ወር ሲመጣ ባንክ ይወስደዋል።» መርካቶ አምስት ደስጣ የያዘው ካርቶን 3,500 ብር ነው፤ አንዱ በ700 ይመጣል።

የአንድ ወር ፍጆታዋ አሥር ካርቶን ያህል ነው፤ 35,000 ብር። 50 ደስጣ ላይ መቶ መቶ ብር ሲድን 5,000 ይሆናል፤ ለማጓጓዣ 600 ብናነሳ 4,400 በወር። ልብ በሉ፤ መቶ ሺው ባንክ ገብቶ በወር 1,500 ብር ወለድ ሲያድን፣ መቶ ሺው ማሽን ሆኖ በብዙ «ከሆነ» 4,917 ሲያመጣ፣ 35,000 ብር የወረቀት ግን አዲስ ደንበኛ ሳያስፈልገው 4,400 ያመጣል። በወር ከመቶ ብር ከ12 ብር በላይ ማለት ነው። ወረቀቱ በወሩ አልቆ ብሩ ስለሚመለስም በሚቀጥለው ወር ያው 35,000 እንደገና ይሠራል። ነገሩ ባይጥማት ወረቀቱን ተጠቅማ ትጨርሰውና ብሩን ባንክ ትወስደዋለች፤ የሚቆለፍባት ነገር የለም።

ይህን ስትሰማ «እንግዲያው በመቶ ሺው በሙሉ ወረቀት እንግዛበት» ማለቷ አልቀረም። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ። የመጀመሪያው 35,000 የወሩን ቁጠባ በሙሉ አምጥቷል። ሁለተኛው 35,000 ሌላ አሥር ካርቶን ቢገዛ የሚሠራው ቀድሞ መግዛት ብቻ ነው፤ ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ብሩም አብሮ ይቀመጣል። ዋጋ ይጨምራል ብሎ መከዘን ሌላ ንግድ ነው። በዚያ ላይ በክረምት ወረቀት እርጥበት ይስባል፤ ጫፉ ይጠቀለልና ማሽን ውስጥ ይቀረቀራል። ከሰኔ በኋላ ከሁለት ሳምንት ፍጆታ በላይ ሱቅ ውስጥ አትያዝ ብያታለሁ።

በትንሽ ንግድ ውስጥ ገንዘብ የሚያፈራው እንዲህ ነው፤ የመጀመሪያው ብር ብዙ፣ ቀጣዩ ትንሽ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ከባንኩ በታች። ስለዚህ «ዕዳ ወይስ ሥራ» የሚለውን ለመቶ ሺው በአንድ ላይ መጠየቅ አያስፈልግም። 35,000 ወደ ወረቀት ይሂድ፤ 65,000 ግን ገና ሥራ አላገኘም።

የማይመለስ ብር

65,000ውን በሙሉ ወደ ባንክ ብትወስድስ? ሒሳቡ ላይ 18 በመቶ ነው፤ ጥሩ ነው። ግን ባንክ የገባ ብር ሲቸግር አይመለስም። ማሽኑ ነሐሴ ውስጥ ቢሰበር፣ ረዳቱ ቢታመም፣ መንገዱ ተዘግቶ ሰው ቢጠፋ፣ የመስከረም 10,846 ይጠበቃል። «ባለፈው መቶ ሺህ ቀድሜ ከፍዬ የለ?» ቢሉ የክፍያው ቀን አይገፋም። የአባቷ ካርታም ዕዳው ሙሉ በሙሉ እስካላለቀ ድረስ አይለቀቅም፤ ግማሹን መክፈል ግማሽ ካርታ አያስመልስም።

ስለዚህ ሦስት ወር የሚያስከፍል 34,000 ብር ለብቻው ቁጠባ ሒሳብ ይቀመጥ አልኩ። ብድሩ በሚቆረጥበት ሒሳብ ሳይሆን በሌላ። ይህ ዋጋ አለው፤ በ7 በመቶ ተቀምጦ 18 በመቶ ማዳን ሲችል በዓመት ወደ 3,700 ብር ይቀርባታል። ያን የአባትን ቤት የመጠበቂያ ክፍያ አድርጋ ትቁጠረው። እኔ ብሆን ከዚህ አላንስም ነበር።

እቁቡንም ጠየቅኳት። በሳምንት 2,500 የሚጣልበት፣ የ40 ሰው እቁብ ነው፤ የደረሳት በ36ኛው ዕጣ ስለሆነ የቀራት የአራት ሳምንት ብቻ ነው። ብሩ የራሷ ቁጠባ ነው ማለት ይቻላል። በአራተኛው ዕጣ ደርሷት ቢሆን ግን ነገሩ ይለወጥ ነበር፤ 36 ሳምንት፣ 90,000 ብር፣ ገና ትጥላለች። ወለድ የሌለው ቢሆንም ያ ዕዳ ነው፤ በወር ወደ 10,800 ብር ከባንኩ ክፍያ ላይ ተደርቦ ይመጣል። በጊዜ የወጣለትን እቁብ ይዞ ባንክ የሚሮጥ ሰው የሳምንቱን መጣያ ከየት እንደሚያመጣ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ዋስ የሆኑት ጎረቤቶቹ ናቸውና።

የቀረው 31,000 ብር ወደ ብድሩ ሄደ። ዘመኑ እንዲያጥር ጠየቀች፤ ብድሩ አራት ወር ቀድሞ ያልቃል፣ ወደ 12,300 ብር ወለድም ይቀራል። ደብዳቤውን ሁለት ቅጂ አድርገን ጻፍነው። መጀመሪያ የሰጧት አዲስ ሰሌዳ ላይ ቀሪ ዕዳው እንደ ድሮው 217,244 ይል ነበር። እዚያው ቆማ አሳየቻቸው፤ በማግስቱ 186,244 የሚል ሌላ አወጡላት። ከወረቀቱ በየወሩ የሚተርፈውን ለብቻው ትይዘዋለች፤ የተመለሱትን ሰዎች መቁጠሪያ ደብተርም ፈተና በሌለበት ወር፣ በኅዳር፣ እንደገና ልትከፍት ተስማምተናል። አማካዩ ያኔም 150 ከሆነ ማሽኑን አብረን ሄደን እናያለን፤ ቆጣሪውን የማነበው እኔ ነኝ።